አባታችንን አታልለን እናድናቸው?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፦ አባታችን የ71 ዓመት ሰው ናቸው፤ የዘጌ ተወላጅ፣ ቡና አልሚ። ስኳር በሽታ ካለባቸው ቆይተዋል። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ወደ መሐል እግራቸው ወጣ፤ አሁን ሽታ አለው። ባሕር ዳር ሆስፒታል አስተኝተናቸዋል። ሐኪሞቹ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ሕይወታቸው ያልፋል ብለዋል። እሳቸው ግን «አያመኝም እኮ! እግሬን ይዤ ነው የምቀበረው፤ ጸበል ውሰዱኝ» ይላሉ። ማታ ማታ ትኩሳት አላቸው፤ አንዳንዴም ስማችንን ያቀያይራሉ። ታላቅ ወንድሜ «ቁስልዎን ሊያጥቡልዎ ነው ብለን እናስገባቸው፤ እኔ እፈርማለሁ፤ ነፍሳቸው ከተረፈ በኋላ ይቆጡን» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ ብቻ ቀረሁ። አባቴን መዋሸትም መቅበርም አልፈልግም። ምን ላድርግ?

የመጨረሻ ልጃቸው፣ ከባሕር ዳር

ልጄ፣

በወንድምሽ ሐሳብ አትስማሚ። ግን ደግሞ የአባትሽን የዛሬ «እምቢታ» እንደ መጨረሻ ቃል ተቀብለሽ ወደ ቤት አትውሰጃቸው። በእንዲህ ያለ ጭንቅ ቤተሰብ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ አታልሎ ማዳን ወይም አክብሮ መቅበር። በመካከሉ ግን መሠራት ያለበት ሥራ አለ። እሱም ይህ እምቢታ በእርግጥ የአባትሽ ነው ወይ ብሎ መመርመር ነው። እምቢ የሚለው ትኩሳቱ ሊሆን ይችላል። የደነዘዘው ነርቫቸው ሊሆን ይችላል። በልባቸው ይዘውት ማንም ያልጠየቃቸው ፍርሃት ሊሆን ይችላል። እሳቸው ራሳቸው፣ አውቀውና አስበው፣ ሊሆኑም ይችላሉ። ይህ ሳይታወቅ መቁረጡም መተውም ግምት ነው።

ለዚህ ሥራ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ቀዶ ሐኪሙን «ስንት ጊዜ አለን?» ብለሽ ጠይቂው። ለረጅም ዓመታት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ቤተሰብ እምብዛም አላየሁም፤ ሁሉም ይቆረጥ አይቆረጥ ሲከራከር ነው የሚያድረው። በስኳር ምክንያት የሚመጣ የእግር መሞት ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንዱ ደረቅ ነው፤ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የጠቆረና የተኮማተረ፣ ሽታም ፈሳሽም የሌለው፣ በጤናማውና በሞተው ሥጋ መካከል ድንበሩ የሚታይ። ይህ ብዙ ጊዜ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይታገሣል። ሌላው እርጥብ ነው፤ ኢንፌክሽን የገባበት፣ የሚያብጥ፣ የሚሸት፣ ትኩሳት የሚያመጣ። እርጥቡ አይታገሥም፤ መርዙ በደም ተሠራጭቶ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል። ሽታውንና የማታውን ትኩሳት ስትነግሪኝ የምፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው። የሚያረጋግጠው ግን ያያቸው ሐኪም ነው።

ልብ በይ፣ አባትሽ እምቢ ያሉት መቆረጡን ነው። ሕክምናውን በሙሉ እምቢ አላሉም። አንቲባዮቲክ በደም ሥር እንዲሰጣቸው፣ ስኳራቸው በኢንሱሊን እንዲስተካከል፣ ፈሳሽ እንዲያገኙ ፈቃደኛ ከሆኑ ይህ ሁሉ ዛሬውኑ ይሂድ። ሐኪሙን ደግሞ «መግሉን ማውጣትና የሞተውን ሥጋ ብቻ ማንሳት ጊዜ ይገዛልን?» ብለሽ ጠይቂው። አንዳንድ ጊዜ ይገዛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ከዚያ አልፎ ይገኛል። የሚገዛ ከሆነ ይህን ራሱን ለአባትሽ በግልጽ ነግራችሁ፣ እሺ ካሉ አድርጉት። ቁስል ማጠብ ነው ብሎ እግር መቁረጥ ሌላ፣ ቁስል ማጠብ ነው ብሎ ቁስል ማጠብ ሌላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለት ሴቶችን ላስተዋውቅሽ፤ ጉዳያቸው ከአባትሽ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሁለቱም አሜሪካዊ ናቸው፤ ሁለቱም ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ፤ ሁለቱም እግራቸው ሞቶ አይቆረጥም አሉ፤ የሁለቱም ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1978 ፍርድ ቤት ተወሰነ። ውሳኔው ግን ተቃራኒ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሮዛሪያ ካንዱራ ትባላለች፤ የማሳቹሴትስ ነዋሪ፣ የ77 ዓመት ባልቴት፣ የስኳር ሕመምተኛ። አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ስትል ቆይታ በመጨረሻ እምቢ አለች። ልጇ እንደ ወንድምሽ ጨነቃትና «እኔ ልፈርምላት» ብላ ፍርድ ቤት ሄደች። የመጀመሪያው ዳኛ ፈቀደላት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ሻረው። አሮጊቷ አንዳንዴ ሐሳቧ ይበታተን እንደነበር ዳኞቹ አላጡትም። ነገር ግን እግሯ እንደሞተ ታውቃለች፤ ካልተቆረጠ እንደምትሞት ታውቃለች፤ ምክንያቷንም ትናገራለች፦ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሕይወት አልጣማትም፣ ለልጆቿ ሸክም መሆን አልፈለገችም፣ በመጦሪያ ቤት መኖር አልፈለገችም፣ ቀዶ ጥገናውም ይፈውሰኛል ብላ አላመነችም። ዳኞቹ ውሳኔዋ ጥበብ የጎደለው ቢመስል እንኳ ያ ብቻውን ማስተዋል የላትም እንደማያሰኝ ተናገሩ።

ሁለተኛዋ ሜሪ ኖርዘርን ናት፤ የቴነሲ ግዛት ሰው፣ የ72 ዓመት ብቸኛ ሴት። ሁለቱም እግሮቿ በውርጭና በቃጠሎ ሞተው ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ አእምሮዋ ንቁ ነው፤ ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች። እግሯ ላይ ሲደርስ ግን «ይህ ጥላሸት ነው፣ ይድናል» ትላለች። «መሞት ትመርጫለሽ ወይስ እግርሽ መቆረጡን?» ስትባል አትመርጥም፤ መኖርም እግሯም አብረው እንዲቀጥሉ ነው የምትፈልገው። ፍርድ ቤቱ ይህች ሴት እውነታውን ተረድታ እምቢ ብትል ኖሮ፣ ለሌላው ሰው ምንም ያህል ስህተት ቢመስልም፣ ቃሏን እናከብር ነበር አለ። አልተረዳችውም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲወስንላት ፈቀደ። ቀዶ ጥገናው ሳይደረግላት በዚያው ዓመት አረፈች።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆዪ። ልዩነቱ የሞት አደጋው መጠን አልነበረም፤ ሁለቱም ላይ ሞት ቆሞ ነበር። ልዩነቱ ውሳኔው ብልህ መሆን አለመሆኑም አልነበረም። አንዷ የምትጥለውን ነገር አውቃ ጣለች፤ ሌላዋ የምትጥለው ነገር መኖሩን አላየችም። የሰውን ምርጫ «ለራሱ ብለን» የመሻር መብት ካለን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ወንድምሽ «አባታችን ስለሚሞቱ» ነው የሚለው፤ ይህ ምክንያት ቢበቃ ኖሮ አልጋ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፈቃዱን ለጤነኛው ባስረከበ ነበር።

አባትሽ ታዲያ ወደ የትኛዋ ያዘነብላሉ? እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አንድ ቃላቸው ግን አሳስቦኛል፤ «አያመኝም እኮ» ያሉት። ከፍተኛ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ጫማ ሲልጥ፣ ጠጠር ሲወጋ፣ ፍም ሲያቃጥል አይሰማም፤ እግሩ ሲሞትም አይሰማም። ስለዚህ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ባስተማረው ነገር ይፈርዳል፦ የታመመ ነገር ያማል፣ ያላመመኝ ነገር ደህና ነው። በዚህ ሕመም ላይ ግን ትክክሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ አለማመሙ ራሱ የጉዳቱ ምልክት ነው። አባትሽ እምቢታቸውን የተከሉት እዚህ ላይ ከሆነ ገና አልመረጡም ማለት ነው። ይህ ደግሞ በክርክር አይነቀልም፤ ማሳየት ያስፈልጋል። ሐኪሞች የእግርን ስሜት የሚለኩባት ቀጭን የናይለን ክር አለች። ሐኪሙን «እባክዎ በፊታቸው ይለኩት» በዪው። አባትሽ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ላይ ሲነኩ ይናገራሉ፤ እግራቸው ላይ ሲነኩ ዝም ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ክሯ እግራቸው ላይ ስትታጠፍ ይዩት። ሐኪሙ «ያላመመዎት ለዚህ ነው» ይበላቸው። ከዚህ በኋላ የሚሉት ነገር ከትናንቱ የተለየ ክብደት አለው።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ የስም መቀያየሩ ነው። እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። ማታ የሚመጣ፣ ጠዋት የሚለቅ መቃዠት የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ ሲወርድም ይቀባዥራል፤ ያልበው ይሆናል፣ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ስማችሁን ሲያቀያይሩ ነርስ ጥሩና ስኳራቸው ወዲያው ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ቀላል መድኃኒት ያለው ነገር ነው። በዚያ ሰዓት የሚሉት «እሺ»ም ሆነ «እምቢ» አይያዝ። ይህን በተለይ ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው፤ በቅዠት ሰዓት የተገኘ «እሺ» ይዞ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል መሮጥ ያው ማታለል ነው።

ንግግሩን ጠዋት አድርጉት፤ ትኩሳቱ ሲበርድ፣ ስኳራቸው ተለክቶ ደህና ሲሆን፣ ፊታቸውን ከታጠቡና ጥቂት ከቀመሱ በኋላ። አምስት ልጆች አልጋውን ከበው አይቁሙ። ሐኪሙ፣ አንቺና እሳቸው ከሚያምኑት አንድ ሰው በላይ አይኑር። ሐኪሙ በሚያውቁት ቋንቋ ምን እንደሆኑ፣ ምን ሊደረግ እንደሚችል፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ፣ ምንም ካልተደረገ ምን እንደሚከተል ይንገራቸው። ከዚያ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ አባቶቻችን ሁልጊዜ «አዎ፣ ገባኝ» ነው የሚሉት፤ ለሐኪሙ ክብር ሲሉ። ይልቅ «አባዬ፣ ሐኪሙ ያለውን በእርስዎ አንደበት ንገሩኝ፤ ለወንድሞቼ በትክክል ላስረዳ» በያቸው። ዋናው ፈተና ይህ ነው።

ስትሰሚ አራት ነገር አዳምጪ። የተነገራቸውን መልሰው መናገር ይችላሉ ወይ? ያ ነገር በእሳቸው ላይ የደረሰ መሆኑን ተቀብለዋል ወይስ የሌላ ሰው ወሬ አድርገውታል? አንዱን ከሌላው ሲያመዛዝኑ ምክንያታቸው ይያያዛል ወይ? ምርጫቸውስ ከሰዓት ስትጠይቂያቸው፣ ነገም ስትጠይቂያቸው ያው ነው ወይ? ሐኪሞች የሰውን የመወሰን ችሎታ የሚመዝኑት በመሠረቱ በእነዚህ ነው። ከተጠራጠሩም የአእምሮ ሐኪም ይጨመር፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

«ይህ እግር ሞቷል፤ ካልተቆረጠ እንደምሞት ነግራችሁኛል፤ ገብቶኛል። 71 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ልጆቼን አድርሻለሁ፣ በአንድ እግር ዘጌ ላይ መኖር አልሻም» ካሉ ያ የእሳቸው ቃል ነው፤ መራራ ቢሆንም የእሳቸው ነው። «ምንም አልሆንኩም፤ ጭቃ ነው፤ ሐኪሞቹ ናቸው የሚዋሹት» ካሉና ቢያዩም ቢዳስሱም ካልተመለሱ፣ ያኔ ወደ ኖርዘርን ቀርበዋል።

ጸበሉስ? ይህን ከሁለቱ ለይቼ ላየው እፈልጋለሁ። ሰው በእምነቱ ምክንያት ሕክምና ሲተው «አእምሮው ልክ አይደለም» ለማለት የሚቸኩሉ ሐኪሞች አይቻለሁ፤ ልክ አይደሉም። «በሰው በሰው እንደምሞት አውቃለሁ፤ እኔ ግን ነገሬን ለኪዳነ ምሕረት ሰጥቻለሁ» የሚል ሰው እውነታውን አይቶታል፤ ከእውነታው በላይ የሚታመንበት ነገር ስላለው ነው። «ጸበል ስለምጠጣ እግሬ አልሞተም» የሚለው ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የምትለዪበት ጥያቄ አለ፤ በእርጋታ ጠይቂያቸው፦ «አባዬ፣ እስከ አርብ በጸበሉ ካልተሻለዎትስ፣ ያኔ ምን እናድርግ?» ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ውስጥ በር ይከፈታል። «ያኔማ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ይቁረጡት» የሚል አባት አለ። ግን ሐኪሙ የሰጣችሁ ጊዜ እስከ አርብ የማይደርስ ከሆነ አርብን አትጥቀሺ፤ እውነተኛውን ቀን ንገሪያቸው።

የንስሐ አባታቸውን ከዘጌ አስመጧቸው። እንዲያባብሏቸው ብላችሁ ግን አይሁን፤ እንዲያማክሯቸው ነው። በመጀመሪያ አባትሽን አስፈቅዱ። ቤተ ክርስቲያን ጸበልንና መድኃኒትን አንዱን ለአንዱ ጠላት አድርጋ አትመለከትም፤ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንዲወሰድ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ጸበሉ ሆስፒታል ድረስ ይምጣላቸው፤ ይጠጡት፣ ፊታቸውን ይዳሰሱበት። ቁስሉን ግን አያስነክሩ፤ እርጥበት የሞተውን ሥጋ ያባብሰዋል። በባዶ እግር መቆምም ጤነኛውን እግር ያስቆስላል። ኢንሱሊናቸውም አይቋረጥ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ይንገሯቸው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የምወደውን ክፍል ልንገርሽ። አባትሽን «ለምን?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አለ? በደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ሐኪሞቹ የሚሉትን አለ፣ ወንድምሽ የሚለውን አለ፤ የአባትሽ ምክንያት ግን የለም። የካንዱራ ምክንያቶች አራት ነበሩ፤ የአባትሽስ ስንት ናቸው? «እግሬን ይዤ ነው የምቀበረው» ሲሉ አካላቸው ተለያይቶ እንዳይቀበር ፈርተው ከሆነ፣ የተቆረጠው እግር ለቤተሰብ ተሰጥቶ በአጥቢያቸው እንዲቀበር ሆስፒታሉን ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ እግር የሌላቸውን ምስኪኖች እያሰቡ ከሆነ፣ ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ እዚያ ሂጂና ከጉልበት በታች ተቆርጦ ዛሬ የሚራመድ፣ በዕድሜ የሚቀርባቸው ሰው ፈልጊ፤ ፈቃደኛ ከሆነ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጪላቸው። ጉልበት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ እጅግ ይከብዳል። አሁን ከጉልበት በታች ሊቆረጥ የሚችለው፣ ሲዘገይ ከጉልበት በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ይህንም ይወቁት። ለልጆቻቸው ወጪና ሸክም ላለመሆን ከሆነ ደግሞ እናንተ ተሰብስባችሁ ማን ጋ እንደሚኖሩ፣ ቡናውን ማን እንደሚለቅም፣ ለየካቲት 16 ኡራ ኪዳነ ምሕረት ማን በጀልባ እንደሚያደርሳቸውና ዳገቱን ማን እንደሚደግፋቸው ወስናችሁ ንገሯቸው። የሰው ምርጫ የተመሠረተው ልትለውጪው በምትችይው ነገር ላይ ከሆነ፣ ነገሩን ለውጪና እንደገና ይምረጡ። ይህ ማስገደድ አይደለም። ስትነግሪያቸው ግን የማትፈጽሙትን አትንገሪ።

ወንድምሽ ስለ ፊርማው የተናገረውን ልመልስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ወይም የቀዶ ጥገና ምርመራና ሕክምና አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለአካለ መጠን ባልደረሰና በፍርድ በተከለከለ ሰው ላይ ያለውን የአሳዳሪ ሥልጣን ለይቶ ያስቀምጣል። አባትሽ ከሁለቱም አይደሉም። በልማድ ቤተሰብ ሲፈርም አይተን ስለለመድን ነው እንጂ የልጅ ፊርማ የአባትን «እምቢ» አይሽርም። ቀዶ ሐኪሙም ይህን ያውቃል ብዬ አምናለሁ፤ ማታለሉን ቢሰማ እጁን ሊያስገባ አይገባውም።

ሕጉን ተይው፤ ውጤቱን እንይ። አባትሽ ከማደንዘዣ ሲነቁ ብርድ ልብሱን ገልጠው ያያሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሚያስፈልጋቸው ነገር ሁሉ በእሳቸው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፦ ኢንሱሊን መውጋት፣ ጉቶው እንዲታሰር መፍቀድ፣ ለመራመድ መለማመድ፣ የቀረውን አንድ እግር በየቀኑ ማየት። የመጀመሪያው እግር የተቆረጠበት የስኳር ሕመምተኛ ሁለተኛውም አደጋ ላይ ነው። በልጆቹ የተከዳ ሰው «ቁስል ልናጥብልዎ ነው» ሲባል ሁለተኛ እግሩን ይሰጣችኋል? መርፌ ይዛ የመጣች ነርስ ላይስ እምነት ይኖረዋል? እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ እግሩ የተመረዘ የ73 ዓመት አዛውንት ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሰውየው ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕመም ስለነበረበት የመወሰን ችሎታ የለውም ተባለ። ዳኛው ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ችሎታ ባይኖረውም ያለ ፈቃዱ እንዳይቆረጥ ወሰነ፤ የሰውየው ፍላጎትና እምነት የማንነቱ አካል ስለሆነ፣ በግድ ቢቆረጥ የሚተርፈው ሕይወት ምን ዓይነት እንደሚሆን አመዛዝኖ ነው። ስለዚህ አባትሽ መወሰን አይችሉም ቢባል እንኳ ነገሩ እዚያ አያበቃም፤ ያኔም የሚጠየቀው እሳቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ነው።

አንድ ሁኔታ አለ ያለ ፈቃድ መግባት የሚገባው፤ እንዳይምታታብሽ ልንገርሽ። ዛሬ ማታ፣ ይህ ንግግር ገና ሳይደረግ፣ አባትሽ በድንገት ቢቀባዥሩ፣ ትንፋሻቸው ቢፈጥን፣ ሽንታቸው ቢቀንስ፣ ቢቀዘቅዙ፣ ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን ለማቆየት የሚያስፈልገውን ያድርጉ። ያልታወቀ እምቢታ ሲኖርና ጊዜ ሲያልቅ ወደ ሕይወት ማዘንበል ትክክል ነው፤ ሊፈርስ በተቃረበ ድልድይ ላይ ሳያውቅ የሚራመድን ሰው ማስጠንቀቂያ ጊዜ ከሌለ ክንዱን ይዞ እንደማቆም። በእንግሊዛዊው ፈላስፋ በጆን ስቱዋርት ሚል የ1859 ምሳሌ ውስጥ ያለው ድልድይ ይህ ነው፤ ያዡ ማወቅ ያለበት ግን ሰውየው ካወቀ በኋላ መልቀቅ እንዳለበት ነው። ንግግሩ ተደርጎ፣ አባትሽ ሁሉን አውቀው፣ በጠራ አእምሮ፣ ደጋግመው እምቢ ካሉ በኋላ ራሳቸውን ቢስቱ፣ «አሁን አያዩንም፣ እንፈርም» ማለት አይቻልም። ቃላቸው ከእሳቸው ጋር አልተኛም። ለዚህ ነው ጠዋት የሚሉትን ሐኪሙ በመዝገባቸው ላይ በራሳቸው አነጋገር እንዲጽፈው የምለምንሽ።

ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካሉስ? ያኔ ሕክምናው አያልቅም፤ ዓላማው ይለወጣል። ሕመሙ እስኪበርድ ድረስ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ አስፈላጊ ከሆነ ሞርፊንም አለ። ሽታው እንዳያሳፍራቸው ቁስሉ በየቀኑ ይታሸግ፤ ሽታን የሚቀንስ መድኃኒት ቁስሉ ላይ እንዲደረግ ሐኪሙን ጠይቂ። ዘጌ መመለስ ካሻቸው መልሷቸው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ማሸጉን ነርሷ ታስተምርሽ፣ መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ተጠያየቁ። ሐሳባቸውን ቢለውጡ በሩ ክፍት እንደሆነም ይወቁ፤ ካንዱራም ሐሳቧን ስትለዋውጥ ኖራለች፣ ያ ነውር አይደለም። በየቀኑ «ዛሬስ ይቁረጡት?» እያላችሁ ግን አታሰልቿቸው። ጠዋት ላይ አንድ ጊዜ ጠይቂ፤ ከዚያ ስለ ቡናው አውሩ።

ታላቅ ወንድምሽን በተመለከተ፦ ከሌሎቹ ፊት አትሟገቺው፤ ለብቻው ውሰጂው። የሚፈራው የአባቱን ሞት ነው፤ ከሞቱ በኋላ «አንተ ታላቅ ሆነህ አባትህን አስገደልክ» እንዳይባልም ይፈራል። ነገ ጠዋት ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገሩ አልጋው አጠገብ የሚቀመጠው ያ አንድ ሰው እሱ ይሁን፤ አባቱ የሚሉትን በጆሮው ይስማ። ሐኪሙን ደግሞ ዛሬ ማታ ከመውጣቱ በፊት አግኚውና የጠዋቱን ሰዓት አስይዢ።